ቦይለር አጠገብ የተበላ ምሳ

ባለቤቴን ቀብሬ ወደ ሥራ ስመለስ ሰው ሁሉ ለጥቂት ቀናት ድምፁን ዝቅ አድርጎ አናገረኝ። ከዚያ የደመወዝ ሰሞን ደረሰና ጠብ ጀመርን።

የምሠራው መሪ ሰፈር ውስጥ፣ የእንግዳ ማረፊያዎችን አንሶላ በሚያጥብ ላውንደሪ ነው። የሠራተኛውን የሥራ ሰዓት የማጣራው እኔ ነኝ። ሠራተኛው ሲገባ፣ ለምሳ ሲወጣ፣ ሲመለስና ማታ ሲሄድ አሻራውን መሣሪያው ላይ ያሳርፋል። የምሳ ሰዓት አይከፈልበትም። ብዙዎቹ ግን ለምሳ ሲወጡ አሻራውን ይረሱታል፤ መሣሪያው ደግሞ ያለ ዕረፍት እንደሠሩ ይቆጥርላቸዋል። ስለዚህ እያንዳንዱን ጠርቼ እጠይቃለሁ። ወጥቶ የበላ ይቀነስበታል፤ ሥራ ላይ የቆየ አይቀነስበትም። የፈረቃ ኃላፊው አይቶ ይፈርማል።

በዚያ ወር ኃላፊው መጠያየቁ ሰለቸው። አሻራ ከሌለው ሁሉ አንድ አንድ ሰዓት ቁረጡ አለ። አንዷ ላይ እምቢ አልኩ። ቦይለሩን፣ የእንፋሎት ማሞቂያውን፣ የምትጠብቀው ሴት ናት። እየሠራ ትታው መሄድ ስለማትችል ጓደኞቿ ከትሪያቸው ቆርሰው ይልኩላታል። ዓይኗን ከግፊት መለኪያው ሳትነቅል፣ ቆማ ትጎርሳለች።

"ስትበላ በዓይኔ አይቻታለሁ" አለ ኃላፊው። "ምሳ ምሳ ነው፤ ይቀነስ።"

ሴትዮዋ ቦይለሩን አጥፍታ መጥታ የቢሮዬ በር ላይ ቆማ ትሰማለች። እኔንም አትወደኝም። ቀደም ሲል፣ ቦይለሩ ለጥገና በቆመበት ቀን፣ በምሳ ሰዓት ሾላ ገበያ ደርሳ መጥታ ነበር፤ ያንን ቀንሼባታለሁ።

"ሁለታችሁም አንድ ናችሁ" አለች። "እሱ ይሰርቃል፣ እርስዎ ይደምሩለታል።"

ወደ ኃላፊው ዞርኩ። "እንደ ሌላው ወጥታ ብትበላ ቦይለሩን ማን ይይዘው ነበር?"

"ማንም አይይዘውም።"

"እንግዲያው ሥራ ላይ ነበረች። ስለጎረሰች ብቻ ዕረፍት አይባልም።"

"ሐዘኑ ነገረኛ አደረገዎት" አለኝ።

ወረቀቱን ወደ እሱ ገፋሁለት። እየተነጫነጨ ፈረመ፤ የወሩ ሰዓቷ ሳይነካ ቀረ።

በማግስቱ ኃላፊው በምሳ ሰዓት የሚተካት ሰው መደበ። ከዚህ በኋላ ወጥታ ትበላለች፤ ሰዓቷም በደንቡ ይቀነሳል። እሷ ግን የምትፈልገው የሚከፈልበትን ሰዓት እንጂ ዕረፍት አልነበረም። አሻራዋን አሳርፋ በአጠገቤ ስታልፍ፣ "አሁን ደስ አለዎት?" አለችኝ።

እኔም አሻራዬን አሳርፌ ወጣሁ። ድሮ በዚህ ሰዓት ባለቤቴ ይደውልልኝ ነበር፤ በላሽ ወይ ለማለት ብቻ። አሁን ግቢው ውስጥ ያለው አግዳሚ ላይ ሰዓቱ እስኪያልቅ እቀመጣለሁ። ሌላ መቀመጫ ስላልነበረ እሷም ዳር ላይ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች። ምሳዋን ብቻዋን በላች፤ እንብላም አላለችኝም።

ሰዓቱ ሲደርስ ቀድማኝ ተነሳች። አሻራዋን አልረሳችም።