ሁለቱ ያልተገኙት

በጋዜጣችን ቤት ርዕስ የምታወጣዋን ሴት ሁላችንም «እትዬ መቀስ» እንላታለን። እሷም ትስቅና «መቀስ ባይቆርጥ ልብስም አይሰፋ» ትላለች። ረጅም ዜና ሲመጣላት ከመጨረሻው አንቀጽ ጀምራ ወደ ላይ ታነባለች። ጸሐፊ ሲደክመው ትኩሱን ነገር ታች ጥሎት ይሄዳል ባይ ናት። እኔ ከጎኗ ተቀምጬ ፊደል አርማለሁ። ማንበብ ያወቅሁት በራሴ ነው፤ ማስተዋልን ግን አምላክ ያስተማረኝ ብዙውን በእሷ አፍ ነው።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት ጋዜጠኛው ሰኞ ሐይቅ ላይ ስለሰጠመች ጀልባ ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፎ መጣ። ነፋሱ፣ ማዕበሉ፣ የባለሥልጣኑ ማጽናኛ፣ ሁሉም አለበት። ርዕሱንም አብሮ አውጥቶለታል፦ «ከሰጠመችው ጀልባ ሰባት ሰዎች ተረፉ»።

እትዬ መቀስ ከታች አንብባ ቀና አለች።

«ወንድሜ፣ ተሳፋሪዎቹ ዘጠኝ አይደሉም እንዴ?»

«ሰባቱ መትረፋቸው ደስ አይልም እትዬ?»

«ደስ ይላል፤ ተመስገን! ሰባቱ ግን ቤታቸው ገብተዋል። ጋዜጣው የሚያስፈልገው ላልገቡት ነው።»

ከመጨረሻው አንቀጽ ላይ ጣቷን አሳረፈች። ተጨማሪ ጀልባ ካልተገኘ ፍለጋው ረቡዕ ማምሻውን እንደሚቆም የነፍስ አድን ቡድኑ መሪ ተናግረዋል ይላል።

«እሺ፣ ‹የሁለቱ ሰዎች ፍለጋ ይቆማል› እንበለው፤ አጭር ነው» አለ ጋዜጠኛው።

«‹ካልተገኘ›ን ከቆረጥክ በቁማቸው ቀበርካቸው። ጀልባ ያለው ሰው አንብቦ ‹በቃ፣ አለቀ› ብሎ ይቀመጣል።»

ጽፋ ሰረዘች፤ ደግማ ጻፈች።

«ጀልባ ካልተገኘ የሁለቱ ሰዎች ፍለጋ ዛሬ ይቆማል»

ከሥሩም አንድ ዓረፍተ ነገር፦ «ሰኞ በሰጠመችው ጀልባ ከነበሩት ዘጠኝ ሰዎች ሰባቱ በሕይወት ሲወጡ፣ የቀሩትን ሁለቱን የመፈለጉ ሥራ ተጨማሪ ጀልባ ካልተገኘ ዛሬ ማምሻውን እንደሚቆም የነፍስ አድን ቡድኑ መሪ ተናገሩ።»

«ዛሬ? ነገ ነው እኮ!»

«አንባቢው እጅ የሚገባው ነገ ነው፤ ለእሱ ዛሬ ነው።»

ገጽ አቀናባሪው ርዕሱ ሁለት መስመር ወሰደብኝ ብሎ አጉረመረመ። «የባለሥልጣኑን ፎቶ አሳንሰው፤ እሳቸው አልጠፉም» አለችው።

ረቡዕ ጠዋት ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን ይዘው ወጡ። ሁሉም ጋዜጣውን አይተው ነው አልልም፤ አንዱ ግን ከነጋዜጣው መጣ አሉ። ሲመሻሽ አንደኛው ሰው ሸምበቆ ውስጥ ደክሞ፣ ግን በሕይወት ተገኘ። የሌላኛውን ሬሳ አወጡ።

ጋዜጠኛው እየሮጠ ገባ። «እትዬ፣ የዛሬውስ ቀላል ነው፦ ‹የጠፋው ሰው በሕይወት ተገኘ›!»

ዓይኗን ጠራርጋ ወረቀቱን ሳበች። «ሁለቱም እናት አላቸው» አለችና ሁለቱን በአንድ ርዕስ ለማስገባት ቃላት ትመርጥ ጀመር።