ያህያ ያረመው ሲቪ

ያህያ ደሴ ተወልዶ ያደገ ነው። አባቱ የየመን ነጋዴ፣ እናቱ የወሎ ሰው ነበሩ። ጎረምሳ ሳለ ወደ አባቱ አገር ተሻግሮ ዓደን ገባና ማዕላ፣ ወደቡ አጠገብ፣ በአንድ ዕቃ አስተላላፊ ድርጅት ተላላኪ ሆኖ ተቀጠረ። ሥራ አዋቂ ስለነበረ ከፍ እያለ ሄዶ የሥራ ክፍሉ ኃላፊ፣ በዓደኖች አጠራር ሙዲር፣ ሆነ። መቶ አርባ ሰው ያዝዝ ነበር። ሰርግ ቤት ሲገባ ከፊት ተነሥተው ቦታ ይለቁለታል። ሚስቱ አሲያ በዚያ ጊዜ ቤት ውስጥ ሁለት ሴት ልጆቻቸውን ታሳድጋለች።

ጦርነቱ መጣና ድርጅቱ ተዘጋ። ያህያ ብዙ ደጅ ከጠና በኋላ ሼክ ዑስማን በሚባለው ሰፈር የአንድ ዱቄት ነጋዴ መጋዘን ላይ ኃላፊ ሆነ። ነጋዴው ልጁ ሊሆን የሚችል ወጣት ነው፤ «ሐጂ» እያለ ይጠራዋል። ያህያ ሐጅ አድርጎ አያውቅም።

አሲያ ደግሞ የዚያኑ ሰሞን፣ ቤቱ ገቢ ሲያጣ፣ ከኢትዮጵያ በባሕር ለሚመጡ ስደተኞች እርዳታ በሚሰጥ ድርጅት ውስጥ አስተርጓሚ ሆና ገባች። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ዐረብኛ እንደ ውሃ ነው የምትናገረው። ከአስተርጓሚነት ወደ መስክ ተቆጣጣሪነት፣ ከዚያ ወደ ሥራ አስኪያጅነት አለፈች። በመጨረሻ በዓደን፣ በላሕጅና በአብያን ግዛቶች የውሃና የጤና ፕሮግራሙን የምትመራ ከፍተኛ ሥራ አስኪያጅ ሆነች። ጠዋት ጠዋት ዳር ሰዓድ ሰፈር፣ ቤታቸው ድረስ መኪና መጥቶ ይወስዳታል። የሰፈሩ ሰው ያህያን «የአሲያ ባል» ማለት ጀመረ። ያህያ ይህን በሰማ ቁጥር እንዳልሰማ ሆኖ ያልፋል። ስልኳ ሲጠራ ይከፋዋል፤ ሳይጠራ ውሎ ሲመሽ ደስ ይለዋል፤ ደስ ስላለው ደግሞ ራሱን ይጠላል።

ከዚያ ሌላ ድርጅት ለደቡብ ግዛቶች የኦፕሬሽን ምክትል ዳይሬክተር እንደሚፈልግ ማስታወቂያ ወጣ። አሲያ ሲቪዋን አዘጋጅታ ቢሮዋ ውስጥ በቅጥር ክፍል ለምትሠራው ለራኒያ አሳየቻት። ራኒያ አራቱን ገጽ አገላብጣ፣

«ይሄ ሥራሽ ምን እንደነበር ነው የሚናገረው፤ አንቺ ምን እንዳደረግሽ አይናገርም» አለቻት። «ለእንዲህ ያለ ቦታ የሚያነቡ ሰዎች መጀመሪያ የሚያዩት በስንት በጀት ላይ እንደወሰንሽ፣ ስንት ሰው እንደመራሽ፣ በዚያም ምን እንደተለወጠ ነው። ከላይ አስቀምጪው። ከሁለት ገጽ አይለፍ።»

አሲያ እንደገና ጻፈችው። እንግሊዝኛው ግን የያህያ ይሻላል፤ ከመርከብ ሰዎች ጋር ዕድሜውን ጨርሷልና። ዓርብ ከጁምዓ ሶላት ሲመለስ ኮምፒውተሩን ፊቱ አስቀመጠችለት።

«እስቲ እየው፤ ስህተት ካለ አስተካክልልኝ።»

የላይኛውን አንቀጽ አነበበ። ሦስት ግዛት፣ የስድስት ሚሊዮን ዶላር ዓመታዊ በጀት፣ ስልሳ አራት ሠራተኛ። እሱ ያንን ሁሉ ሰው ሲያዝዝ ገንዘቡ የባለቤቱ ነበር፤ ለመኪና ነዳጅ እንኳ ፊርማ ይለምን ነበር። በዕድሜው ሙሉ በጀት የሚባል ነገር በእጁ ገብቶ አያውቅም።

«ስድስቱ ሚሊዮን ባንቺ ውሳኔ ነው የሚወጣው?» ሲል ጠየቃት።

«የጠቅላላው ቢሮ ነው።»

«ያንቺስ?»

«ሁለት ነጥብ አራት።»

«ታዲያ ሁለት ነጥብ አራት ነው የሚጻፈው። ኢንተርቪው ላይ ቢጠይቁሽ፣ አለቃሽ ጋ ቢደውሉ፣ ምን ልትዪ ነው?»

አሲያ ደነገጠች። «ልክ ነህ። ሳላስበው ነው» አለችና አመሰገነችው። ልክ መሆኑ እውነት ነበር። ያህያ ግን ቁጥሩን ሲያወርደው የተሰማው ደስታ የልክነት ደስታ ብቻ እንዳልነበረ ያውቀዋል።

እሷ ወደ ልጆቹ ገባች። እሱ ቀጠለ። «መራች» የሚለውን «በመምራት ሥራ ተሳተፈች» አደረገው። ስልሳ አራቱን ሰዎችና በቀጥታ ለእሷ ተጠሪ የሆኑትን ሰባቱን የክፍል ኃላፊዎች «ከባልደረቦቿ ጋር» በሚል ሸፈናቸው። አንድ ረዘም ያለ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ተፈናቃዮች በሰፈሩበት ሥፍራ ውሃ በቦቴ ማመላለሱን አስቀርታ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ጉድጓድ እንዳስቆፈረች፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ለአንድ ሰው የሚወጣው ወጪ በግማሽ እንደቀነሰ፣ ጉድጓዱን ዛሬ የአካባቢው የውሃ መሥሪያ ቤት ራሱ እንደሚያስተዳድረው የሚናገር። «ረዝሟል» ብሎ አጠፋው። ሴት ልጅ ራሷን ስታወድስ አያምርም፣ ትሕትና ይሻላል ብሎም ልቡን አሳመነ።

አሲያ ተመልሳ አነበበችው። እንደገና አነበበችው።

«ይቺ ሴትዮ ማን ናት?» አለች።

«አንቺ ነሻ።»

«እኔ አይደለሁም። በጀቱን ስታስተካክል ልክ ነበርክ። ይሄ ግን ማረም አይደለም።»

«ትሕትና ይኑረው ብዬ ነው።»

«አንተ መቶ አርባ ሰው ስታዝዝ በማዘዝ ሥራ ተሳተፍኩ ብለህ ታውቃለህ?»

የአየር ማራገቢያው መብራት ሄዶ ቆሟል፤ ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል። ያህያ በእጁ ጠረገውና፣

«ቀንቼ ነው» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ?»

«ዓመታት ሆነኝ ካወቅኩ። እኔ ከሥራ ስመጣ አንተ ስለ መጋዘኑ ታወራለህ፤ ስለ እኔ ሥራ አንድ ቀን ጠይቀኸኝ አታውቅም። ቅና፣ ምን አደርግሃለሁ። ወረቀቴን ግን አትንካ።»

የመጀመሪያው ቅጂ ኢሜይሏ ላይ ነበር። እዚያ ላይ በጀቱን ብቻ አስተካክላ ላከችው።

ለኢንተርቪው ጠሯት። ከቤት ሆና በኮምፒውተር ስለነበር ያህያ ከግድግዳው ማዶ ሆኖ ሰማ። ስለ ሁለት ነጥብ አራቱ ሚሊዮን አጥብቀው ጠየቋት። ዕቅዱን የምታወጣው እሷ እንደሆነች፣ እስከ ምን ድረስ በራሷ ፊርማ እንደምታወጣ፣ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ገንዘብ ማዛወር ሲበዛ የለጋሹን ፈቃድ እንደምትጠይቅ ሳትንተባተብ አስረዳች። ከዚያ በጀት በተቀነሰበት ዓመት ሠራተኛ ከማሰናበት ሁለት የመስክ ቢሮዎችን አንድ ላይ አድርጋ እንዳለፈችው ተናገረች። ያህያ ይህን ሰምቶት አያውቅም ነበር። ያን ጊዜ እሱ ራሱ ከየወዳጁ ገንዘብ እየተበደረ፣ እሷ ሲመሽ ስትገባ ያኮርፋት ነበር። ሰምቶ ቅናቱ አልቀለለውም፤ እንዲያውም ባሰበት፤ አሁን የሚቀናው በመኪናው ሳይሆን በችሎታዋ ሆነ።

ሥራውን አገኘች። ወሬው ሲሰማ ጎረቤታቸው ሀሺም እንኳን ደስ አላችሁ ሊል መጣ። ያህያን አቅፎ፣

«ማብሩክ ወንድሜ። ያንን ወረቀት አንተ ሳትጽፈው አትቀርም፤ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ካንተ በቀር ማን አለ?» አለው።

አሲያ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ያህያ አያት፤ እሷም አየችው። አዎ ቢል ሀሺም ሰፈሩን ሁሉ ያዳርስለታል። ለአንድ አፍታ ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ቆሞ አጓጓው።

«አንድ ቁጥር ነው ያረምኩት» አለ። «ሌላው ሁሉ የሷ ነው።»

ማለቱ ደስ አላለውም። ሀሺም ተቀምጦ ስለ አዲሱ ሥራ ሲጠይቅ ያህያ አዳመጠ፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ወደ ሚስቱ ዞረና፣

«ስንት ሰው ነው የምትመሪው አሁን?» አላት።

አሲያ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠችና ትነግረው ጀመር።