ከጉርድ ፎቶው የቀረው ሕፃን

ሰፈሩ ፎቶ አንሺውን በስሙ አይጠራውም፤ «ቀና በል» ነው የሚለው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ነጭ ጨርቅ በተወጠረበት ግድግዳ ፊት ሰው ባስቀመጠ ቁጥር የሚያዘው ይህንኑ ነውና። ሱቁ ከፓስፖርት መሥሪያ ቤቱ በር ማዶ ስለሆነ ደንበኛው ሁሉ ጉርድ ፎቶ ፈላጊ ነው። ኮሌታ ሳያቃና፣ ግንባር ላይ የወደቀ ጸጉር ሳያስመልስ ካሜራውን አይነካም።

ያነሳውንም አይጥልም። ከዓመታት በፊት የተነሳ ሰው መጥቶ «ያቺን ድገምልኝ» ሲለው ከኮምፒውተሩ ፈልጎ፣ ዙሪያውን በእጁ ቆርጦ ያትምለታል። እያደር ግን ዓይኑ ደከመ፤ የመቁረጫው መስመር ይደበዝዝበት ጀመር። ኮምፒውተር የምትማረው የእህቱ ልጅ አዘነችለትና ኦፕንሲቪ በሚባል፣ ምስል በሚያነብ የኮምፒውተር መሣሪያ አጭር ፕሮግራም ጻፈችለት። ፕሮግራሙ ራሱ ፊት ይፈልጋል፤ ያገኘውን በአራት ማዕዘን ይከብባል፤ ከላይ ለጸጉር፣ ከታች ለትከሻ ጨምሮ ይቆርጥና ሁሉንም በአንድ ልክ ያስቀምጣል።

መጀመሪያ ሲሞክሩት በሳቅ ገደላቸው። ከአንድ ጎረምሳ ፎቶ ላይ ባለቤቱን ትቶ ካናቴራው ላይ የታተመውን ዘፋኝ ቆርጦ አወጣ።

«ይሄኛውም ፓስፖርት አምሮት ይሆናላ!» አለ ቀና በል።

«ከተገኙት ፊቶች የመጀመሪያውን ስለወሰደ ነው» አለች ልጅቷ። «ትልቁን ምረጥ እንበለው።» እንዳለችውም አደረጉ፤ ተስተካከለ።

ስትወጣ በሩ ላይ ቆም ብላ «አጎቴ፣ የተቆረጡትን ሌላ ፎልደር ውስጥ አስቀምጥ። ዋናዎቹን እንዳትነካ» አለችው።

«እሺ» አላት። ነገር ግን ዲስኩ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። የተቆረጠው ትንሽ ነው፤ በዋናው ላይ ቢተካ ቦታም ይለቃል ብሎ አሰበ። በዚያው ስም፣ በዚያው ቦታ እንዲቀመጥ አደረገ። ምሳውን በልቶ ሲመለስ ዘጠኝ ሺህ ፎቶ ተቆርጦ አልቋል። ሃምሳውን ከፍቶ አየ፤ አንድም የተዛባ የለም። «ስንቱን ዘመን በከንቱ ለፋሁ!» አለ።

በሦስተኛው ሳምንት ጥቁር ሻሽ ያሰረች ሴት ገባች።

«ጋሼ፣ ያስታውሱኛል? የልብ ሕመምተኛ ሕፃን ይዤ መጥቼ ነበር።»

አስታወሳት። ሕፃኑ ለሕክምና ውጭ ሊሄድ ነበር። የሰባት ወር ልጅ ብቻውን መቀመጥ ስላልቻለ እሷ ጭን ላይ አስቀምጦ ሁለቱንም አነሳቸው፤ ከዚያ የሕፃኑን ብቻ በእጁ ቆርጦ አራት አተመላት። ቁራጩን ግን ለብቻው አላስቀመጠውም፤ ዋናው አለ ብሎ።

«ፓስፖርቱ ሳይደርስ ልጄ አረፈብኝ» አለች። «አራቱንም ለመሥሪያ ቤቱ ሰጥቻለሁ፤ የገባ አይመለስም አሉኝ። የኔ ስልክ ፎቶ አያነሳም። ሌላ ምስል የለውም፤ እርስዎ ጋ ያለው ብቻ ነው።»

ቀኑን ጠይቆ ፈለገ፤ ፎቶው ተከፈተ። እሷው ነበረች። ከጸጉሯ እስከ ትከሻዋ፣ ልኩ የተጠበቀ፣ እንከን የማይወጣለት ጉርድ ፎቶ። ከታች፣ ደረቷ ላይ፣ ጠርዙ የቆረጠው ቀጭን የሕፃን ጸጉር ብቻ ይታያል።

«ይቺ እኔ ነኝ። ልጄስ?»

«ማሽኑ...» ብሎ ጀመረና ተወው። «ማሽኑ አይደለም፤ እኔ ነኝ። ሁለት ፊት ካገኘህ ትልቁን ምረጥ ብዬ አዘዝኩት። ዋናውንም በላዩ ላይ አጠፋሁት።»

«ትልቁን» አለች ቀስ ብላ። «እሱማ ትንሽ ነበር።»

እስከ ዓርብ ቀጠራት። የእህቱ ልጅ የጠፋ ፋይል በሚፈልግ ፕሮግራም ዲስኩን ሁለት ቀን አገላበጠችው። የማያውቋቸው ሰዎች ግማሽ ፊት እየወጣ፣ የሕፃኑ ሳይወጣ ቀረ። የካሜራው ካርድም ስንት ጊዜ ተሰርዞ ሌላ ፎቶ ተሞልቶበታል። «አጎቴ፣ አይመለስም» አለችው። ነግሬህ ነበር አላለችውም፤ አለማለቷ ይበልጥ አንገበገበው።

ዓርብ ሴትየዋ ስትመጣ ቆሞ ጠበቃት።

«አላገኘሁትም። ይቅር በይኝ፣ እህቴ።»

ብትጮህበት፣ ብትረግመው በወደደ። እሷ ግን «ያቺኑ ያትሙልኝ» አለች። አተመላት። ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ የገዛ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነችና የታችኛውን ጠርዝ ብቻ ለረጅም ጊዜ አየች።

«ጸጉሩ ነው» አለች። በወረቀት ሳትጠቀልለው ይዛው ወጣች።

ቀና በል አሁንም እዚያው ሱቅ ይሠራል። ሕፃን የታቀፈች እናት ስትመጣ ግን «ካሜራው ተበላሽቷል» ብሎ ወደ ጎረቤት ሱቅ ይልካታል።