ምርቃቱና አሮጌው ኬዝ

ይህ ነገር ሊጻፍ የሚገባው መሆኑን አሁንም እጠራጠራለሁ። አንድ ያረጀ ዲስክ ተበላሸ፤ አዲስ አበባ ውስጥ በየቀኑ ስንቱ ይበላሻል። ግን ለምን እንዳልተረፈ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ለብዙ ጊዜም ለማንም አልተናገርኩም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምር።

አጎቴ ካዛንቺስ ቪዲዮ ቤት አለው። ሰርግና ክርስትና ይቀርጻል። ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ዓመት ከሰዓት በኋላ ክፍል በሌለኝ ቀን እየሄድኩ አግዘው ነበር። ኮምፒውተር ስለምማር ሁሉን የማውቅ ይመስለዋል። እኔም አላውቅም ማለት አልወድም ነበር።

አንድ ረቡዕ ጥቁር የለበሱ ሴት መጡ። ቂርቆስ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ የሚኖሩ፣ ከመሥሪያ ቤት በጡረታ የወጡ ናቸው። አጎቴ ከሁለት ዓመት በፊት የልጃቸውን ሰርግ ቀርጾ ነበር። አሁን ባለቤታቸው ሞተዋል፤ እሑድ አርባቸው ነው። በሰርጉ ቪዲዮ ላይ ባለቤታቸው ማይክሮፎን ይዘው ሙሽሮቹን ሲመርቁ ይታያሉ፤ ድምፃቸው ግን አይሰማም። ዘፈን ተጭኖበታል። ቪዲዮ ቤቶች እንዲህ እናደርጋለን፤ ንግግር ሲረዝም ሰው ይሰለቻል ብለን ዘፈን እናለብሰዋለን።

«ያለ ዘፈኑ ይኖራችሁ ይሆን?» አሉ። «ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። ልጆቹ እንዲሰሙት ብዬ ነው።»

አጎቴ ያልተቆረጠው ቀረጻ እንዳለ ነገራቸው። እውነቱን ነው። ያልነገራቸው፣ ቀረጻው የተቀመጠበት፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ዲስክ ከጥቂት ቀናት ወዲህ ቋ ቋ ማለት መጀመሩን ነው። ይህን ድምፅ የሰማ የቪዲዮ ባለሙያ ሁሉ ዲስኩ ሊሞት መሆኑን ያውቃል። እሳቸው እንደወጡ ወደ እኔ ዞረ።

«ይሄ ነገር ዛሬ ካልወጣ አይወጣም። ፈጣን ዲስክ ያስፈልገናል። አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ሂጂ አምጪ።»

ሜክሲኮ ሄድኩ። ሻጩ ሁለት ዓይነት አሳየኝ። አንዱ እንደ ማስቲካ ቀጭን ሆኖ በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካው ኤንቪኤምኢ ነው፤ በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ያስተላልፋል። የእኛ ኮምፒውተር የቆየ ስለሆነ መሰኪያው የለውም። ሌላው ሳታ የሚባለው ነው፤ ካርቶኑ ላይ 550 ሜጋባይት በሰከንድ ይላል። እሱን መረጥኩ። ሻጩ ዲስኩን ከውጭ በገመድ ለማገናኘት ኬዝ ልስጥሽ ወይ አለኝ። እኛ ጋ አለ አልኩት። አጎቴ ድሮ ከተበላሸ ዲስክ ያስቀረው የአሉሚኒየም ኬዝ ነበር፤ ዕቃ መጣል አይወድም። የእሱ ኬዝ ሥራ ላይ መዋሉን ሲያይ ደስ ይለዋል ብዬ አሰብኩ።

አዲሱ ዲስክ ኬዙ ውስጥ ልክክ ብሎ ገባ። ገመዱን ኮምፒውተሩ ላይ ሰማያዊ ምላስ ያለው ቀዳዳ ውስጥ ሰካሁት፤ ሰማያዊው ፈጣኑ፣ ዩኤስቢ ሦስት መሆኑን ተምሬያለሁ። የኬዙን ሶኬት ግን አላየሁም።

አጎቴ ሊወጣ ሲል በር ላይ ቆሞ፣ «መጀመሪያ ምርቃቱን ብቻ ውሰጂ፤ ሌላው ይደርሳል» አለኝ። እሺ አልኩ። ከዚያ ፎልደሩን ከፈትኩ። ካሜራ አንድ ከአዳራሹ ጀርባ የተቀረጸ፣ ካሜራ ሁለት ከፊት፣ መጨረሻ ላይ ከማይክሮፎኑ በቀጥታ የተቀዳው ድምፅ። ሁሉም ተደምሮ ሁለት መቶ ጊጋባይት ገደማ። ምርቃቱ የትኛው ፋይል ውስጥ እንዳለ ለመፈለግ አንድ በአንድ መክፈት ነበረብኝ። ሁሉንም አንድ ላይ ካወጣሁ አጎቴ ሲመለስ የበለጠ ይደነቃል አልኩና ጠቅላላውን መርጬ ኮፒ አልኩ።

መስኮቱ ላይ 35 ሜጋባይት በሰከንድ መጣ። የሚቀረው ጊዜ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ። ትንሽ ደነገጥኩ፤ ካርቶኑ ላይ 550 ነበር። ግን ያረጀው ዲስክ ነው የዘገየው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ላቆመው ፈራሁ። ተቀምጬ ቋ ቋ ሲል አዳመጥኩ።

አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ዲስኩ ሁለት ጊዜ ጮክ ብሎ ተንቋቋና ዝም አለ። ኮምፒውተሩ ፋይሉ አልተገኘም አለኝ። ካሜራ አንድ ሙሉውን ወጥቷል። ካሜራ ሁለት ግማሽ ላይ ቀርቷል። የድምፁ ፎልደር አልተነካም።

አጎቴ ሲመለስ አልተቆጣም። «በቃ፣ ዕድሜው ነው» አለ። ቅዳሜ የሞተውን ዲስክ ይዞ ሜክሲኮ አንድ ጠጋኝ ጋ ሲሄድ አብሬው ሄድኩ። ኬዙንም ይዤ ነበር። ሰውየው ዲስኩን ተቀብሎ እሞክራለሁ አለ። አጎቴ ስልክ ሊያናግር ሲወጣ ኬዙን አሳየሁት። አገላብጦ ሶኬቱን አየ።

«በዚህ ነው ያወጣሽው?» አለኝ። «እህቴ፣ ይሄ ዩኤስቢ ሁለት ነው። ውስጡ ምንም ብትከቺ በሰከንድ ከአርባ ሜጋባይት አያልፍም።»

ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ቀዳዳ ፈጣን እኮ ነው አልኩት። ሳቀ። በትልቅ አዳራሽ መስሎ አስረዳኝ፤ ሺህ ሰው ቢኖር፣ ውጭ ያለውም መንገድ ሰፊ ቢሆን፣ የተከፈተው አንድ ጠባብ በር ከሆነ ሰው በዚያ በር ልክ ነው የሚወጣው። ዲስኩ፣ ኬዙ፣ ገመዱ፣ ቀዳዳው፤ ከእነዚህ ሁሉ የሚወስነው ዘገምተኛው ነው። ያረጀው ዲስክስ ምን ያህል ያነብ ነበር ብዬ ጠየቅኩት። ጤናማ ከሆነ መቶ፣ መቶ ሃያ አለኝ። በልቤ አሰላሁ። በዩኤስቢ ሦስት ኬዝ፣ ወይም አዲሱን ዲስክ ኮምፒውተሩ ውስጥ በሳታ ገመድ አስሬው ቢሆን፣ ሁሉም በግማሽ ሰዓት ገደማ ያልቅ ነበር። ዲስኩ ከዚያ በላይ ቆይቶልኝ ነበር።

አጎቴ ሲመለስ ኬዙን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

እሑድ የአርባው ድንኳን ውስጥ ካሜራ አንድን አሳየን። ከሩቅ፣ ከጀርባ፣ በሰው ጭንቅላት መሃል ሟቹ ቆመዋል። ድምፃቸው በሳህንና በጭውውት ተውጦ ቃሉ አይለይም። ልጃቸው ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች፤ ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠች። እናትየው አጎቴን አመሰገኑት። ዲስኩ አርጅቶ ነው አላቸው፤ እሳቸውም አመኑት።

ለሳምንታት በዚያ ሰፈር ሳልፍ ጭንቅላቴን ደፍቼ ነበር የምሄደው። በመጨረሻ ኬዙን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ሶኬቱን እያሳየሁ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ምርቃቱን ብቻ ውሰጂ መባሌንም። መነጽራቸውን አድርገው ኬዙን አዩት። በመሥሪያ ቤት ብዙ ዘመን የቆዩ ስለሆኑ ነገሩ አልጠፋቸውም።

«ዕቃውን ባታውቂው አልፈርድብሽም» አሉ። «ግን ልጄ፣ እኔ የጠየቅኩት ሁለት ደቂቃ ነበር። ሁሉን አምጪ ያለሽ ማነው?»

ለአጎቴ ነግረሽዋል ወይ አሉኝ። አልነገርኩትም አልኩ። ዛሬውኑ ንገሪው አሉ፤ የሌላ ሰውም ቀረጻ በዚህ ዕቃ እንዳይጠፋ። ሻይም አላቀረቡልኝ፣ ውጪልኝም አላሉኝም። ኬዙን መልሰው ሰጡኝና ጠጋኙ ጋ ያለው ዲስክ ተስፋ እንዳለው ጠየቁኝ። አላውቅም አልኩ። በሕይወቴ ያንን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ሳላመነታ ያልኩት ያን ጊዜ ነው።

የዚያኑ ቀን ለአጎቴ ነገርኩት። ኬዙን ከእጄ ወስዶ ለረጅም ጊዜ አየው፤ እሱም ሶኬቱን አይቶት አያውቅም ነበር። በመዶሻ ጫፉን አጣሞ ቆሻሻ ውስጥ ጣለው። ዕቃ ሲጥል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጠጋኙ ደውሎ ከዲስኩ ምንም ሊወጣ እንደማይችል የነገረን፣ እኔም ቂርቆስ ወርጄ ለእናትየው ይህንኑ የነገርኳቸው፣ መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር።