ጠላቷን ምስክር የጠራች ነጋዴ

ደመቀች ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ ሃያ ዓመት አቡጀዲ ሸጣለች። በዚህ ሁሉ ዘመን የማንም የገንዘብ ዕዳ ኖሮባት አያውቅም። ደግነት እንዳይመስላችሁ። ዕዳ ያለበት ሰው ገበያ ሲወጣ አንገቱን ወዲያና ወዲህ ሲያዞር ታያለች፤ እሷን ደግሞ አንገቷን ከድሮም ያማታል።

ጥር ላይ ቤቷ ተቃጠለ። ከእሳቱ በደኅና የወጡት እሷ፣ ባሏ ገብረ ጻድቅ፣ አንዲት ዶሮና በመቀነቷ የቋጠረችው ስድስት ብር ናቸው። አምስት ጣቃ አቡጀዲ አመድ ሆነ። ብሩንም ለአዲሱ ጎጆ የተገዛው ሣርና ማገር በላው።

የገበያ ሕግ ደግሞ ይታወቃል፤ መደብ የሚከበረው በዕቃ ነው። ባዶ መደብ ያየ ሰው ሁለት ቅዳሜ ያዝናል፣ በሦስተኛው ይቀመጥበታል። ደመቀች ቦታዋን ላለመልቀቅ ጌሾ ዘርግታ ከረመች። ጾሙ ተጋመሰ። የአቡጀዲ ነጋዴ ዓመቱን የሚበላው በሆሳዕና ሰሞን ነው፤ ለፋሲካ አዲስ ያልለበሰ ሰው የለም። ያን ገበያ በጌሾ ካሳለፈችው ቀሪ ዕድሜዋ ከጌሾ ጋር ነው።

«አሊዩ አምባ ላሉት ሐጂ ኑሬ ላኪባቸው» አላት ገብረ ጻድቅ። «በዱቤ ይሰጣሉ ይባላል።»

ሐጂ ኑሬ ከአንኮበር ቁልቁል፣ የሐረር ግመል ሸክሙን በሚያራግፍበት አገር፣ ዕቃ በጅምላ የሚያከፋፍሉ ትልቅ ነጋዴ ናቸው። ደመቀች አይታቸው አታውቅም። እስከዚያን ቀን የምትገዛው ዳገቱን ከሚወጡት ሲራራ ነጋዴዎች ነበር፣ እጅ በእጅ። እነሱ ደግሞ ለወለዳቸውም ዱቤ አይሰጡም።

በማግስቱ ግማሽ አሞሌ ጨው ይዛ ደብተራ ወልደአረጋይ ዘንድ ሄደች። ደብተራው ከዳዊት የተረፈ መዳፍ የምታህል ብራና አውጥቶ መጻፍ ጀመረ። ጻፈ፣ ጻፈ።

«የት ድረስ ደረሱ?» አለችው።

«ገና ሰላምታው ላይ ነኝ። የተከበሩ፣ የታፈሩ፣ ዝናቸው ከባሕር እስከ ባሕር...»

«አባቴ፣ ብራናው ሊያልቅ ነው። የእኔ ጉዳይ በየት ሊገባ ነው?»

ደብተራው ቅር እያለው ባሕሩን ፋቀው። «እሺ፣ ማን ያውቅሻል?»

«ሰው ሁሉ።»

«ሐጂ የሚያውቁት ሰው ነው የምልሽ። የማይታወቅ ሰው ደብዳቤ ቅጠል ነው፤ ፍየል ነው የሚያነበው።»

 ከደብረ ብርሃን ሐጂ ኑሬን የምታውቅ አንዲት ሴት ናት፤ ከእሳቸው እየገዛች ከደመቀች መደብ ጎን አቡጀዲ የምትሸጠው ዘርፈሽዋል። ሁለቱ ከተኳረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ነገሩ የአሞሌ ነው። ዘርፈሽዋል ሙሉ አሞሌ ተበድራ ጥጉ የተሸረፈ መለሰች፤ ደመቀችም ሽራፊውን አምጪ ብላ ዳኛ ፊት አቆመቻት። ሽራፊው ጣት አይሞላም።

«ዘርፈሽዋልን ይጠይቁ ብለው ይጻፉ።»

«እሷ እኮ ትጠላሻለች።»

«ለዚያ ነዋ። የሚወደኝ ሰው ይዋሽልኛል፤ ሐጂም ያውቁታል።»

«እሷስ ብትዋሽብሽ?»

«እንደምትጠላኝ አብረው ይጻፉታ። እሳቸው የጥላቻዋን ያህል ይቀንሱለታል።»

ደብዳቤው እንዲህ ሆነ። «ይድረስ ለተከበሩ ሐጂ ኑሬ። እንደምን ሰንብተዋል። እኔ ደመቀች በደብረ ብርሃን ገበያ አቡጀዲ ሻጭ ነኝ። ቤቴ ተቃጥሎ ዕቃዬ ጠፋ። ዱቤ ጠይቄ አላውቅም፣ ዛሬ ጠየቅሁ። አራት ጣቃ አቡጀዲ ይስጡኝ፤ ዋጋውን ፋሲካ በዋለ በአራተኛው ዓርብ ይዤ እመጣለሁ። ስለ እኔ ዘርፈሽዋልን ይጠይቁ። ትጠላኛለች፤ ይህን አውቀው ይስሟት።»

ደብዳቤውን አህያ ነጂው ታመነ ይዞት ወረደ። በሳምንቱ ብቅ አለ።

«ራሷ በዓርብ ገበያ ትምጣ አሉ።»

«ፊታቸው እንዴት ነበር?»

«እንደ ፊት።»

ከዚያ በላይ ከታመነ አልተገኘም። ደመቀች የታመነን አህያ ተከራይታ፣ አንኮበር ከዘመድ ቤት አድራ፣ ዓርብ ረፋድ ላይ በላብ ተጠምቃ አሊዩ አምባ ደረሰች። ሐጂ ኑሬ መጋዘናቸው ደጃፍ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ከአጠገባቸው ዘርፈሽዋል ጣቃ እየዳሰሰች ቆማለች። ደመቀች ተመልሳ መሄድ አማራት፤ ዳገቱን አየችና ተወችው።

«ባለ ደብዳቤዋ አንቺ ነሽ?» አሉ ሐጂ። «የአንኮበር ቄስ አነበበልኝ። ሠላሳ ዓመት ስነግድ ጠላቴን ጠይቁልኝ ያለ ሰው አላየሁም፣ ወላሂ። ይኸው እሷም አለች። እስቲ ዘርፈሽዋል፣ ተናገሪ።»

ዘርፈሽዋል ስድስት ዓመት ያጠራቀመችው ነገር ነበር፤ አስለምና አላስቸገረቻቸውም።

«ሐጂ፣ ይች ሴት ደረቅ ናት። ለጣት ሽራፊ ጨው ዳኛ ፊት ያቆመችኝ ናት። ስትለካ ክንዷን አታሳጥር፣ አታስረዝም፤ ገዢ ለምኗት ስንዝር አትመርቅም። ባሏ ጠላ ቤት የጠጣበትን እንኳ ማታውኑ ሄዳ ትከፍላለች፣ ወንድየውን አዋርዳ።»

«ሌላስ?»

«ሌላማ የእናቴ ለቅሶ ነው። ሳንኳረፍ በፊት ሁለት መርፌ ወስዳብኝ ነበር፣ ለማርያም እመልሳለሁ ብላ። እናቴ በማርያም ዕለት ተቀበረች። ሰው ደረቱን ሲመታ እሷ እያለቀሰች መጥታ መርፌዎቹን በእጄ አስጨበጠችኝ። ወጋኝ እኮ። በለቅሶ መሀል።»

ሐጂ መቁጠሪያቸውን አቆሙ። ጺማቸውን ያዙ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ደመቀች የተቆጡ መስሏት መሬት መሬት አየች።

«እውነት ነው?» አሏት።

«ቀኑ ደርሶ ነው፣ ሐጂ።»

«እጅ በእጅ ከሆነ ጣቃው አምስት ብር ነው፤ በዱቤ አምስት ተኩል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት እሰጥሻለሁ። ከፍለሽ ስትመጪ ሌላ እንነጋገራለን።»

ሁለት ጣቃ በሆሳዕና ገበያ ለቁርስም አይበቃም፤ እኩለ ቀን ላይ መደቡ ባዶ ነው። ቢሆንም ከጌሾ ይሻላል። ደመቀች እጅ ልትነሳ ስታጎነብስ ዘርፈሽዋል ጣልቃ ገባች።

«ለቀረው ሁለት ዋስ ቢኖራትስ?»

«ዋስ ካላትማ አራቱንም።»

«እኔ ዋስ ነኝ።»

ደመቀች እንዳጎነበሰች ቀረች። ሐጂም «አሁን ስትወቅሻት አልነበረም?» አሉ።

«ወቀስኳት እንጂ ሌባ አልኳት? እሷ ጌሾ ከዘረጋች ወዲህ ገዢ በኛ በኩል አያልፍም። ሁለት ሻጭ ሲኖር ሰው ሊያማርጥ ይመጣል፤ እኔን ብቻ ሲያይ ልዘርፈው የተቀመጥኩ ይመስለዋል።» ወደ ደመቀች ዞረች። «ዋስሽ ከሆንኩ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ እንደምን አደርሽ ትይኛለሽ።»

«እስከ መቼ?»

«ከፍለሽ እስክትጨርሺ።»

ደመቀች አሰበች። ከብሩ ይልቅ ይኼኛው ከብዷት ነበር። «ይሁን» አለች።

ዘርፈሽዋል ሁለት ነጋዴ ምስክር ባሉበት ንጉሥ ይሙት ብላ ምላ ዋስ ሆነች። አራቱ ጣቃ ደመቀች በተከራየችው አህያ ላይ ተጫነ። ሁለቱ ሴቶች ዳገቱን አብረው ወጡ፤ ዘርፈሽዋል የስድስት ዓመቱን ወሬ ሁሉ አንድ ሳታስቀር አወራች፣ ደመቀች ከአህያው ኋላ ጭነቱን በእጇ እየደገፈች ሰማች። አንኮበር ሲደርሱ ከእሳቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰዳት፣ ያውም ተቀምጣ፣ ወሬው ሳያልቅ።

የሆሳዕና ቅዳሜ ደመቀች መደቧ ላይ አቡጀዲ ዘረጋች። አንገቷን ወደ ጎን አዞረች፣ አመማት፣ «እንደምን አደርሽ» አለች። ገዢው በሁለቱ መሀል እየተመላለሰ ሲከራከር ዋለ። አራቱ ጣቃ ለፋሲካ ዋዜማ ሳይደርስ ተሸጦ አለቀ።

በአራተኛው ዓርብ ሃያ ሁለት ብር ቆጥራ ለሐጂ አስረከበች። ሐጂም ሳትጠይቃቸው ስምንት ጣቃ አስወጡላት፣ ያለ ዋስ። ዘርፈሽዋል ይህን ስትሰማ እንኳን ደስ አለሽ አለቻት፤ ፊቷ ግን ትንሽ ጠቆር አለ።

በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ደመቀች ገበያ ወጣች። ዕዳው አልቋል፤ ሰላምታውም አብሮ አልቋል። መደቧን ጠረገች፣ አቡጀዲዋን ዘረጋች።

«እንደምን አደርሽ፣ ዘርፈሽዋል» አለች፣ ፊቷን ሳታዞር።