የመብራት መስኮቷ ሴትና አርባ ስምንቱ ሰዓት

ካፔምብዋ ንሶፍዋን በማዕድን ከተማችን በሙፉሊራ የማያውቅ ማዕድን ቆፋሪ የለም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በመብራት ክፍሉ መስኮት ቆማ ወደ ጉድጓድ ለሚወርዱት ሁሉ የራስ መብራት ስትሰጥ የኖረች ሴት ናት። ሕጉ ቀላል ነው፤ ሠራተኛው ቁጥሩ የተቀረጸበትን ትንሽ የናስ ሰሌዳ ይሰጣታል፣ እሷ ናሱን ሚስማር ላይ ሰቅላ መብራቱን ትሰጠዋለች፣ ሰዓቱንም መዝገብ ላይ ትጽፋለች። ሲወጣ መብራቱን መልሶ ናሱን ይወስዳል። ምድር ውስጥ አደጋ ቢደርስ ስንት ሰው እንደቀረ የሚታወቀው በዚያ ሚስማር ነው። ስለዚህ የሌላ ሰው ናስ ይዞ የመጣን ሰው፣ ወንድሟም ቢሆን፣ አታሳልፈውም።

ምላሷ ግን ምላጭ ነው። እኔን ራሴን፣ የሠራተኛ ማኅበሩን ተወካይ ዞንዲዌን፣ «አንቺ አይጥ በሊታ» ሳትለኝ ሰላምታ ሰጥታኝ አታውቅም። እኔም «ዝንጀሮ በሊታ፣ ደህና አደርሽ?» እላታለሁ። እሷ በጎሳዋ ቤምባ፣ እኔ ንጎኒ ነኝ። አያቶቻችን በጦር ተዋግተው ሲታረቁ ለልጆቻቸው ስድቡን ብቻ አወረሱ። የቀልድ ዘመዳሞች ነን፤ ቤምባው ንጎኒውን ቢሰድበው አይቀየምም፣ ቢቀየም ነው ነውሩ።

የጁን ወር ብርድ አጥንት በሚሰብርበት በአንድ ማክሰኞ ጠዋት ካፔምብዋ ወደ ቢሮዬ እንደ ጎርፍ ገባች። በእጇ የክስ ወረቀት ይዛለች።

«አንብቢው! አንብቢውና እኔ አብጃለሁ ወይስ እሱ አብዷል፣ ንገሪኝ!»

አነበብኩት። ከሳሹ ዮታም ጄሬ ነው፤ የውኃ ፓምፕ ጠባቂ፣ የሃያ ሰባት ዓመት ንጎኒ። «በጁን 12፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ፣ በመብራት መስኮቱ ክንዴን ጎትታ እናቴን ሰድባለች፤ በየቀኑም በጎሳዬ ታንቋሽሸኛለች። አጠገቤ የቆመው ማቩቶ ምስክሬ ነው» ይላል። ከሥር የሰው ኃይል ቢሮው፦ በትንኮሳ መከሰሷን፣ ለምን ቅጣት እንደማይገባት በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ እንድትመልስ፣ ነገሩ እስኪያልቅም ወደ መጋዘን መዛወሯን ያስታውቃል። ጥፋተኛ ከተባለች ስንብት ነው። ጡረታዋ ሰባት ወር ቀርቶታል።

እውነቱን ልናገር፤ እኔ የትንኮሳ አቤቱታ ሲመጣ ቀድሜ ከሳሹን የማምን ሰው ነኝ። በዚህ ማኅበር ስንት ሴት ፊቴ አልቅሳለች! ስለዚህ ዓይኗን አይቼ ጠየቅኳት፦ «ባና ሉቡቶ፣ ነክተሽዋል?» በመጀመሪያ ልጇ ስም፣ የሉቡቶ እናት ብዬ፣ ስጠራት ነገሩ ቀልድ አለመሆኑን ታውቃለች።

«በሉቡቶ እምላለሁ፣ ጫፉን አልነካሁም! ያን ቀን የማቩቶን ናስ ከራሱ ናስ ጋር ደርቦ አመጣ። ‘ባለቤቱ ይምጣ’ አልኩት። መዝገብ ላይም ጻፍኩት። ማቩቶ እዚያ አልነበረም፤ እንዴት ይመሰክራል? አሁኑኑ ቤቱ ሄጄ እናቱ ፊት…»

«ቁጭ በይ!» ጮህኩባት። «እግርሽ ወደዚያ ቤት ቢሄድ ያን ጊዜ በእውነት ጥፋተኛ ነሽ። ‘ከሳሹን አስፈራራች’ ይላሉ፣ ልክም ናቸው። አትደውይለት፣ በሰው አትላኪበት፣ በፓምፕ ክፍሉ በኩል እንኳ አትለፊ። እዚያው ቁጭ ብለሽ ጻፊ።»

ጻፈች። ማታ ስምንት ገጽ ይዛ መጣች። ዮታም ሌባ ነው፣ አባቱ ሰካራም ነበር፣ አያቱ ከጦር ሜዳ ሸሽቷል! እየሳቅኩ አነበብኩት፣ ሳቄ ሲያልቅ ቀደድኩት።

«ምነው ቀደድሽው? የቱ ውሸት ነው?»

«ስለ እሱ አልተጠየቅሽም፣ ስለ ራስሽ ነው የተጠየቅሽው። ቁጣሽን እዚሁ ትፊው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ያየሽውን፣ ያደረግሽውን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ መዝገቡ የት እንዳለ፤ በቃ። ለምን እንደዋሸም አትገምቺ፤ ያንን ክሱን የሚሰማው ሰብሳቢ ይጠይቀው።»

ስለ ስድቡ ግን ተጣላን። በመስኮቱ ዮታምን «አይጥ በሊታ» እንደምትለው ሙፉሊራ በሙሉ ያውቃል። እኔ «እሱን ዝለይው፣ ማን ያስታውሰዋል» አልኳት። ማፈሬን ዛሬም አልረሳሁትም፤ ምክንያቱም ካፔምብዋ እርሳሱን አስቀምጣ አየችኝ።

«ያልኩትን ብዬዋለሁ፣ ዞንዲዌ። ያላልኩትን አላልኩም የምል ሰው፣ ያልኩትን ከደበቅኩ ማን ያምነኛል?»

«ጻፊው» አልኳት።

ረቡዕ ጠዋት ሌላ ነገር ወደቀብን። የዮታም አጎት፣ እንደ አባት ሆኖ ያሳደገው ሽማግሌው ዘብሮን ጄሬ ማክሰኞ ማታ አርፏል። ቀብሩ ሐሙስ ነው። ካፔምብዋ ወሬውን ስትሰማ ወንበር ላይ ዘፍ አለች።

ንጎኒ ሲሞት ለቅሶውን የሚያቀሉት ቤምባዎቹ ናቸው። የለቀስተኛውን ድስት ሰርቀው ይደብቃሉ፣ ሬሳ ሊወጣ ሲል በር ላይ ተኝተው «መንገድ የለም፣ ክፈሉ» ይላሉ፣ የሟቹን አረማመድ እየኮረጁ ያስቃሉ። በከተማችን ይህን እንደ ካፔምብዋ የሚችል የለም። ዘብሮን ራሱ «እኔ ስሞት አንቺ ካልመጣሽ ከሳጥኑ አልገባም» ይላት ነበር። ሠላሳ ዓመት ተሰዳድበዋል።

«እሄዳለሁ» አለች። «ይሄ ክስ አይደለም፣ ይሄ ለቅሶ ነው። ካልሄድኩ የምን ሰው ነኝ?»

«ሄደሽ ዮታም ፊት ‘አይጥ በሊታ’ ብለሽ ብትጮሂ ኋላ ሰብሳቢው ምን ይላል?»

«ሳልጮህ ብሄድስ?»

«አንቺ? ሳትጮሂ?»

በንዴት መካከል ሳቅ አመለጣት፤ ከዚያ አለቀሰች። እኔ ንጎኒ ነኝና ለቅሶው የራሴም ነው፤ ያለ እሷ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ግን ሕጉን ያነበብኩ እኔ ነኝ፤ እሺ አላልኳትም። እርሳሷን አነሳችና ደብዳቤው መጨረሻ ላይ አንድ አንቀጽ ጨመረች። እንዳላየው እጇን ጋረደችበት።

ሐሙስ ጠዋት፣ ሰዓቱ ሊሞላ ሁለት ሰዓት ሲቀረው፣ አንድ ገጽ ተኩል የሆነውን ደብዳቤ አስገባን። ቅጂው ላይ የመቀበያ ማኅተምና ሰዓት ካልተመታ አልወጣም አልኩ፤ ጸሐፊዋ እያጉረመረመች መታችው። ቃል ይረሳል፣ ጽሑፍ ይወረሳል። ከዚያ እኔ ወደ ቀብር፣ እሷ ወደ መጋዘን። መሪያቸው ካፔምብዋ ስለቀረች ሌሎቹም ቤምባዎች አልመጡም፤ ቀብሩ ላይ ማንም አልሳቀም። ሳጥኑ ሲወጣ በሩ ላይ የተኛ ሰው ስላልነበረ የዘብሮን እህት፣ የዮታም እናት፣ ቆም ብላ ወደ መንገዱ ግራና ቀኝ አየች።

በሚቀጥለው ረቡዕ ጉዳዩ ተሰማ። ሰብሳቢው ከሌላ ክፍል የመጡ መሐንዲስ ናቸው። እኔ ከካፔምብዋ ጎን ተቀመጥኩ፤ ዮታም በሌላው በኩል፣ ፀጉሩን ለሐዘን ተላጭቷል። ሰብሳቢው ደብዳቤውን ጮክ ብለው አነበቡት።

«ክንዱን አልያዝኩም፣ እናቱን አልሰደብኩም። በዚያ ሰዓት ከሳሼ፣ ቁጥር 233፣ የራሱን ናስ ሰጥቶ መብራት ወስዷል። ቁጥር 418ንም አምጥቶ ነበር፤ ባለቤቱ ስላልነበረ አልተቀበልኩም፣ በመዝገቡም ጽፌዋለሁ። ቢሮው የመብራት መዝገቡንና የዋናውን በር መዝገብ እንዲይዝልኝና እንዲያቀርብልኝ እጠይቃለሁ። ከኋላው ተሰልፎ የነበረው ቁጥር 301 ይጠየቅልኝ። ከሳሼን ‘አይጥ በሊታ’ ብዬዋለሁ፣ ብዙ ጊዜ። እሱም መልሶልኛል፣ ስንስቅ ኖረናል። በሥራ ቦታ ካስከፋው ግን ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ከእንግዲህም አልለውም።»

ሰብሳቢው መዝገቦቹን አስመጡ። 418 የማቩቶ ቁጥር ነው። ናሱ ያን ቀን ሚስማር ላይ አልተሰቀለም፣ በበሩ መዝገብም ማቩቶ አልገባም። 301 ተጠርቶ «እሷ ‘ባለቤቱ ይምጣ’ ብቻ ነው ያለችው» አለ። ጠረጴዛውን በጡጫ ልመታው ስል ካፔምብዋ ከሥር እግሬን ረገጠችኝ።

«እንግዲህ አቶ ጄሬ» አሉ ሰብሳቢው፣ «ሥራ ያልገባ ሰው አጠገብህ እንዴት ቆመ?»

መልስ ሳይጠብቁ ደብዳቤውን ገለጡ።

«አንድ አንቀጽ ይቀራል» አሉና ቀጠሉ። «‘የከሳሼ አጎት ዘብሮን ጄሬ መሞቱን ሰምቻለሁ። በወጋችን በቀብሩ ተገኝቼ ማሳቅ ግዴታዬ ነው፤ ለሟችም ቃል ገብቼ ነበር። ሆኖም መምጣቴ በከሳሼ ላይ ጫና እንዳይመስል ጉዳዩ እስኪያልቅ እቀራለሁ። የቀረሁት በጥላቻ አለመሆኑ እንዲታወቅልኝ እዚህ ጽፌዋለሁ።’»

ዮታም ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«እናቴ ቤምባዎቹ ለምን ቀሩ እያለች ነው» አለ። «ስትጠይቀኝ አላውቅም አልኳት።» ከዚያ ሁሉን ተናገረ። ናሱን ያመጣው ሥራ ያልገባው ማቩቶ እንደገባ እንዲቆጠርለት ነበር፤ ስለጻፈችበት ማቩቶና እሱ እንዳይባረሩ ቀድመው ሊከሱ ተማክረው ነበር።

አርብ ዕለት ካፔምብዋ ነፃ መሆኗ በጽሑፍ ደረሳት፤ ወደ መስኮቷም ተመለሰች። ዮታምና ማቩቶ በናሱ ጉዳይ ለብቻ ተከሰሱ። ዮታም የሐሰት ክሱም ተጨምሮበት ለሦስት ወር ከሥራ ታገደ። ቢሮው ስለ እሱ ቅጣት ምን ትያለሽ ሲላት፣ «እኔ ስለ ራሴ ብቻ ነው የጻፍኩት» አለች። አስተምሬያት ነበር፤ እዚህ ላይ ግን እሷ አስተማረችኝ።

እሑድ ወደ ጄሬዎች ቤት ሄድን። ገና አጥሩ ጋ ስንደርስ ካፔምብዋ የተሰቀለ አሮጌ የዘብሮን ባርኔጣ አየች፤ መንትፋ ራሷ ላይ ደፋች፣ ወገቧን ይዛ የቀኝ እግሯን እየጎተተች ልክ እንደ ሽማግሌው ተራመደች። «ይሄ ሰው ሳጥን ውስጥ አልገባም ብሎ ከኋላዬ እየተከተለ አስቸገረኝ!» ብላ ጮኸች። የዮታም እናት ከምድጃው ዘንድ ቀና አለች፣ መጀመሪያ እልል አለች፣ ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ ተንበርክካ አለቀሰች።

ዮታም ከቤት ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ። እግሯ ሥር ሊወድቅ ጎንበስ ሲል በባርኔጣው ጭንቅላቱን መታችው።

«ተነስ! እዚህ የሥራ ቦታ አይደለም፤ አይጥ በሊታ! ከአጎትህ ቀብር ያስቀረኸኝ ለምን እንደሆነ መልስ ስጠኝ። በጽሑፍ! አርባ ስምንት ሰዓት አለህ።»