የእህቷን ልጅ ቅዳሜ ችሎት ያቆመች

ሸሕዲ ከተማ ውስጥ ወሬ ከሚኒባስ ቀድሞ ይደርሳል። ሚኒባስ ሰው እስኪሞላ ይጠብቃል፤ ወሬ ባዶውንም ይነሳል።

በዚያ ሰሞን የተነሳው ወሬ ወይዘሮ ጸዳለ የእህቷን ልጅ ሃይሚን ከሰሰቻት የሚል ነበር። የዓይን ምስክሯ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ሱቅ ያላት ኩብራ ናት። «ወላሂ በዓይኔ በብረቱ!» ትላለች ስኳር እየመዘነች። «ቅዳሜ ነው፤ ፍርድ ቤት ዝግ ነው። በመስኮት ብቅ ብል ጸዳለ ጥቁር ካባዋን ደርባ ከላይ ጉብ ብላለች። ልጅቱ ከታች ቆማ እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል።» ስኳሩን የገዛው ሰው ለጎረቤቱ ሲነግር የጸዳለና የእህቷ የውርስ ቤት ተጨመረበት። መናኸሪያ ሲደርስ ጸዳለ ከሳሽም ዳኛም ሆነች። ጎረቤት ከተማ ገለጉ የገባው ወሬ ደግሞ ሃይሚን ስድስት ወር አስፈርዶባት ነው የገባ።

እውነቱ ሌላ ነው። ካባውና እንባው ልክ ነው፤ ኩብራ ዓይኗ አይታማም። የውርስ ቤት ግን የለም፤ ክስም የለም። ጸዳለም ዳኝነቱን ከተወች ቆይታለች። አሁን ጠበቃ ናት፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ሰሊጧን ታሳርማለች። ድምፅዋ ለስላሳ ነው። ዳኛ ሳለች የተፈረደበት ሰው ሳይቀር አመስግኖ ይወጣ ነበር፤ ምን እንደተፈረደበት የሚገባው በር ላይ ሲደርስ ነው።

ቅዳሜ ዕለት የተደረገው ምስለ ችሎት ነው፤ የሕግ ተማሪዎች የሚወዳደሩበት የይስሙላ ክርክር። ጉዳዩ ተፈጥሮ ይሰጣቸዋል፤ እነሱ በይግባኝ ሰሚ ዳኞች ፊት ቆመው ይከራከሩበታል። ዳኞቹ ደግሞ ቁጭ ብለው የሚሰሙ አይደሉም፤ ያቋርጣሉ፣ ያፋጥጣሉ፣ ተከራካሪው ያላሰበውን እያነሱ ያስጨንቃሉ። ሃይሚና ጓደኛዋ ወንድማገኝ ለዕረፍት ከዩኒቨርሲቲ ሲመጡ «እትዬ፣ አፋጥጭን» ብለው ለመኗት። ጸዳለ እሺ አለች። የወረዳው ወጣት ዳኛ አንዱዓለም የችሎቱን አዳራሽ ከፈተላቸው፤ ካባውንም አዋሳትና ራሱ ከጎኗ ተቀመጠ።

የተፈጠረው ጉዳይ የአንድ የቀን ሠራተኛ ነው። ከከተማ ራቅ ካለ እርሻ ላይ ዓርብ ማታ ፖሊስ ያዘው፤ ፍርድ ቤት ያቀረበው ማክሰኞ ነው። ሕገ መንግሥቱ የተያዘ ሰው በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት ይቅረብ ይላል፤ ለመምጣት በአግባቡ የሚያስፈልገው የመንገድ ጊዜ ግን አይቆጠርም። ሠራተኛው አካሌ ነፃ ይውጣ ብሎ አመለከተ። የሥር ፍርድ ቤት መንገዱ ነው ያዘገየህ ብሎ ውድቅ አደረገበት። ሃይሚ የምትቆመው ለእሱ፣ ለይግባኝ ባዩ ነው፤ ወንድማገኝ ለመልስ ሰጭው፣ ለፖሊስ።

«እርስዎ የይግባኝ ባይ ጠበቃ ነዎት?» አለቻት ጸዳለ።

ሃይሚ ዞር ብላ ወደ በሩ አየች። አክስቷ «እርስዎ» ያለችው ሌላ ሰው ገብቶ መስሏት ነው።

«ነኝ… የተከበረው ፍርድ ቤት፣ ክርክሬን በሦስት ነጥብ ከፍዬ…»

«ነጥቦቹ ይቆዩን። በዚያ ሰሞን ዝናብ ዘንቧል?»

«አዎ ክብርት ዳኛ።»

«ወንዙ ሞልቷል?»

«አዎ።»

«የመንገድ ጊዜ አይቆጠርም ይላል ሕገ መንግሥቱ፤ አይደለም?»

«ልክ ነዎት።»

«ዝናብ ደግሞ መንገድ ያስረዝማል።»

«ልክ ብለዋል።»

«እንግዲያ ፖሊስ ያሳለፈው ሰዓት የለም ማለት ነው።»

«ልክ…» አለችና ቃሉን ልትውጠው ሞከረች። አልተዋጠም።

«ፍርድ ቤቱ ያመሰግናል» አለች ጸዳለ በዚያው ለስላሳ ድምፅዋ። «የመልስ ሰጭውን ጠበቃ መስማት አያስፈልገንም። ደንበኛዎን እርስዎ አሰሩልን።»

ያን ጊዜ ነው እንባው የመጣ፤ ኩብራም በመስኮት ብቅ ያለች።

ሲወጡ ጸዳለ ካባዋን አወለቀች፤ «እርስዎ»ም አብሮ ወለቀ። ከዛፍ ጥላ ሥር ሁለት ከርከዴ ሻይ አዘዘች። ልጅቱ ባለፈው ዓመት ውድድር ተጠባባቂ ሆና የሌላ ሰው መጽሐፍ ተሸክማ ሄዳ፣ ተሸክማ ተመልሳለች። ዘንድሮ የመጨረሻ ዓመቷ ነው፤ ካልቆመች ከእንግዲህ አትቆምም። ጸዳለ ይህን ታውቃለች። ግን ለእህቷ ልጅ አደላች ከሚሏት የእህቷን ልጅ ከሰሰች ቢሏት ትመርጣለች። የኋለኛውን ቀድሞውኑ እያሏት እንደሆነ ገና አልሰማችም።

«አየሽ፣ የምትመልሽው በአገራችን ደንብ ነው» አለቻት። «ትልቅ ሰው ሲናገር ልክ ነዎት ይባላል። ጥሩ አስተዳደግ ነው። ይግባኝ ሰሚ ዳኛ ግን አስተዳደግሽን እንደ እምነት ቃል ቆጥሮ ይፈርድብሻል።»

«ታዲያ ልሳደብ እትዬ?»

«ማን ተሳደቢ አለሽ? መጀመሪያ አዎ ወይም አይደለም በይኝ። ከዚያ ለምን እንደሆነ ንገሪኝ። ከዚያ ወደ መዝገቡ መልሺኝ። በኋላ እደርስበታለሁ ያልሽኝ እንደሆነ ፈርታለች ብዬ እዚያው ላይ ነው የምቆም።»

«ዳኛው ከጠላኝስ?»

«ጥያቄው ነው እንጂ የሚጠላሽ፣ ዳኛው ምን በወጣው። አንዳንዱ ጥያቄ ወጥመድ ነው፤ አንዳንዱ ከጉድጓድ የሚያወጣሽ ገመድ ነው። ሁለቱም በአንድ ድምፅ ነው የሚመጡ፤ ለይቶ መያዝ ያንቺ ነው።» ከርከዴዋን ጨለጠች። «በመጪው ቅዳሜ አንዲት ልክ ነዎት ካመለጠችሽ የውድድሩን ቦታ ለወንድማገኝ እሰጣለሁ። መጽሐፉን አንቺ ትሸከሚያለሽ።»

ሳምንቱን ሙሉ ሃይሚ ከግቢው ዛፍ ጋር ስትከራከር ዋለች። ወሬውም በበኩሉ ሥራ አልፈታም። ዓርብ ዕለት ከአቶ ፈንቴ ጆሮ ደረሰ። አቶ ፈንቴ በሸሕዲ የታወቁ አስታራቂ ናቸው፤ ሳይታረቅ የሚያድር ጠብ ካለ እሳቸውም አይተኙም። «እህትማማች በውርስ? እኔ በሕይወት እያለሁ?» አሉና ሁለት ሽማግሌ አስከትለው፣ በዚያ ሙቀት ጋቢያቸውን ደርበው፣ ቅዳሜ ከሰዓት ፍርድ ቤት ገብተው ከኋላ ወንበር ተሰየሙ። ጸዳለ ክርክር ሊሰሙ የመጡ መሰላት። ሰው ሲበዛ ልጅቱ የባሰ ትፈራለች፤ መልካም ነው ብላ ጀመረች።

«ደንበኛዎ ማክሰኞ ዳኛ ፊት ቀርቧል፤ አይደለም?»

«አዎ፣ ቀርቧል ክብርት ዳኛ።»

«ታዲያ ከምን ነፃ እናውጣልዎ? ጉዳዩ አልቋል።»

«አላለቀም ክብርት ዳኛ። ዘግይቶ ማቅረብ መዘግየቱን የሚሽረው ከሆነ አርባ ስምንት ሰዓት የሚለው ቃል ከንቱ ይቀራል። ፖሊስ ባሻው ቀን አምጥቶ ይኸው መጣ ሊል ነው።»

ጸዳለ ፊቷ አልተፈታም። «ይህ የሕገ መንግሥት ትርጉም ነው። የፌዴሬሽን ምክር ቤት እያለ እኛን ምን አድርጉ ይላሉ?»

«አይደለም ክብርት ዳኛ። የሚሻር ሕግ አለ አላልንም። አንቀጽ አሥራ ሦስት መብቶቹን የማክበርና የማስከበር ግዴታ በፍርድ ቤቶችም ላይ ጥሏል። የተጻፈውን ያስፈጽሙልን ነው የምንለው።»

«ዝናብ ዘንቧል?»

«ዘንቧል።»

«ወንዙ ሞልቷል?»

«ሞልቷል።»

«እንግዲያ…»

«እንግዲያ መንገዱ ከባድ ነበር፤ አልክድም። ግን መዝገቡ መኪናው የተነሳው ሰኞ ጠዋት ነው ይላል። ደንበኛዬ ከዓርብ ማታ ጀምሮ ስልሳ ሰዓት ከቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ተቀምጧል። የማይቆጠረው የመምጫው ጊዜ ነው። ያልተነሳ መኪና መንገድ ላይ ነው አይባልም።»

«ወንዙ እስኪጎድል እየጠበቁ ቢሆንስ?»

«ዝናቡ የጀመረው እሑድ ከሰዓት ነው ክብርት ዳኛ። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ መንገዱ ደረቅ ነበር፤ መኪናውም እዚያው ቆሞ ነበር።»

ወንድማገኝ ያዘጋጀውን ማስታወሻ ቀስ ብሎ ከደነ። በዚህ መሐል ነው ከኋላ የዘንግ ድምፅ የተሰማ።

«ፍርድ ቤቱ ይፍቀድልኝ» አሉ አቶ ፈንቴ ተነሥተው። ሊያስታርቁ ነው የመጡ፤ ግን ነገሩን ሲሰሙ ቆይተው የሰውየው ጉዳይ ሆዳቸው ገብቷል። «ልጄ ሃይሚ፣ እንዲያው ለመሆኑ ይኼ ሰውዬ ምን ሰርቆ ነው የታሰረ? ሌባ ከሆነ ስልሳ ሰዓት ምን አላት? አክስትሽን ደግሞ እንዲህ ፊት ለፊት አትሟገቻት፤ ነውር ነው። ልክ ነዎት በያትና ይለቅ።»

ጸዳለ ይቀመጡ ልትል አፏን ከፈተች፤ መልሳ ገጠመችው። ሳምንቱን ሙሉ አስባ ከዚህ የከፋ ጥያቄ አላገኘችም።

«ጠበቃ» አለች ወደ ሃይሚ። «ጥያቄው ለእርስዎ ነው።»

ሃይሚ አቶ ፈንቴን አየቻቸው። በየዓመት በዓሉ ጉልበታቸውን ስማ የተመረቀች ልጅ ናት። ከንፈሯ «ል» ብሎ ሲሰናዳ ጸዳለ ከላይ ሆና አየች፤ ሳታስበው የካባዋን ጫፍ ጨምድዳ ያዘች።

ልጅቱ እጅ ነሣች። ቀና አለች።

«አይ አባባ» አለች። «ልክ አይደሉም።»

አንደኛው ሽማግሌ አማተቡ።

«ይስረቅ አይስረቅ ገና አልታወቀም። የሚለየው ዳኛ ነው፤ ዳኛ ደግሞ ያላቀረቡለትን ሰው ከየት አምጥቶ ይለያል? ሌባም ቢሆን ቶሎ ይቅረብ፤ ሌባ ባይሆን ደግሞ ስልሳውን ሰዓት ማን ይመልስለታል አባባ?»

አቶ ፈንቴ ዘንጋቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተቀመጡና ወደ አንደኛው ሽማግሌ ዘንበል አሉ። «እውነቷን ነው እኮ። ውርሱስ መቼ ነው የሚነሳ?»

ጸዳለ ሳቋ አመለጣት፤ ችሎቱም በዚያው ተነሣ። ነገሩን ማስረዳቱ ከክርክሩ የበለጠ ጊዜ ፈጀ። አቶ ፈንቴ በመጨረሻ «የተጣላ የለም? የታሰረም የለም?» ብለው አጣሩ።

«የለም አባባ። ሁሉም የወረቀት ነው።»

«ልጅቱን ግን ያለፈው ቅዳሜ አስለቅሰሻታል።»

«እሱ የወረቀት አልነበረም» አለች ጸዳለ፤ ከዚያ ወደ ሃይሚ ዞራ «መጽሐፉን ለወንድማገኝ ስጭው» አለቻት።

ሃይሚ መጽሐፉን እንደያዘች አክስቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ኩብራ ከሱቋ ደጃፍ ሆና ይህን በተከፈተው በር አየች፤ ታርቀዋል የሚለው ወሬ እነሱ ደረጃውን ሳይወርዱ መናኸሪያ ደረሰ።

ጸዳለ ካባውን አውልቃ ለወጣቱ ዳኛ ለአንዱዓለም መለሰችለት። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ፤ ወንድማገኝ መስኮት ይዘጋል። እሷ ማንንም ሳታይ፣ በዚያ በለስላሳ ድምፅዋ እንዲህ አለች፦

«ጠበቃዋስ ለመደች። ፖሊሱን ‹ቅዳሜ ለምን አልተነሣህም?› ብሎ የሚያፋጥጥ ዳኛንስ የት እናለማምደው?»

አንዱዓለም አጣጥፎ የጨረሰውን ካባ ዘርግቶ እንደገና ማጣጠፍ ጀመረ።